ማስታወቂያው ቀኑን ይጻፍ ወይስ የሕጉን ቃል ይያዝ?

ጠያቂ፦ እዚህ ጎንደር ስለ ቤት ካርታ የሚለጠፉት ማስታወቂያዎች እንዲህ ናቸው፦ «ባለይዞታዎች ማስታወቂያው ከወጣበት ቀን ጀምሮ ባሉት 10 ተከታታይ የሥራ ቀናት አስፈላጊውን መረጃ አሟልታችሁ እንድትቀርቡ እያሳሰብን፣ ባትቀርቡ በሕግ አግባብ እርምጃ የምንወስድ መሆኑን እናሳውቃለን።» እንደገና ይጻፍ ወይስ እንዳለ ይቀመጥ?

የማራኪው፦ ይጻፍ እንጂ! እስቲ ቍጠሩት። ደብዳቤው አርብ ጥር 1 ቀን 2018 ተፈርሞ ማክሰኞ ጥር 5 ተለጠፈ እንበል። ከተፈረመበት ቀን የቆጠረ፣ ሰኞ የዋለውን ጥምቀትን ዘልሎ፣ ጥር 15 ላይ ይጨርሳል። ከተለጠፈበት ቀን የጀመረ ጥር 19፣ በማግስቱ የጀመረ ጥር 20 ይደርሳል። «ተከታታይ»ን ይዞ ከተለጠፈበት ቀን ጀምሮ ቅዳሜን፣ እሁድንና ጥምቀትንም የቆጠረ ደግሞ ጥር 14 ያበቃበታል። አንድ ወረቀት፣ አራት ቀነ ገደብ።

ሕግ አዋቂ፦ ወንድሜ፣ መመሪያው «የሥራ ቀን» ካለ ቢሮው ቃሉን መቀየር አይችልም። ክርክር ቢነሳ ፍርድ ቤት የሚያየው ያንን ነው።

የማራኪው፦ ግማሹ ልክ ነው። ቃሉ ከታች በትንሹ ይቀመጥ። ቀኑን ግን ነዋሪው ሳይሆን ቢሮው ይቍጠር፣ ቢሮውም ለነዋሪው የሚበጀውን የመጨረሻውን ቀን ይያዝ። ከላይ በደማቁ፦

«እስከ ረቡዕ ጥር 20 ቀን 2018 ዓ.ም. ከቀኑ 11፡00 ሰዓት ድረስ ይምጡ።
የሚመለከተው፦ ቤት ኖሮት ካርታ ያላወጣ።
ይዘው የሚመጡት፦ የመታወቂያ ዋናውንና 1 ኮፒ፣ የመጨረሻውን የግብር ደረሰኝ። ባለቤቱ ካልመጣ ውክልና።
የት፦ ክፍለ ከተማ፣ መስኮት 3።»

እናት ከአዘዞ፦ ልጆቼ፣ እኔ ካርታዬን አውጥቻለሁ፤ ያው መሄድ አለብኝ ማለት ነው?

የማራኪው፦ የለም እትዬ፣ አይመለከትዎትም። ይኸው፣ «ባለይዞታዎች» ብቻ ሲባል የማይመለከተውም ተሰልፎ ይውላል። «አስፈላጊውን መረጃ» ደግሞ ከሁሉም የከፋው ነው፤ ሰው ባዶ እጁን ይመጣል፣ ኮፒ ይጠየቃል፣ ሲመለስ መስኮቱ ተዘግቷል። እኔ ብሆን ሳልለጥፈው ከቢሮው ውጭ ላሉ አምስት ሰዎች አሳይቼ «መቼ ትመጣለህ? ምን ይዘህ?» ብዬ እጠይቃቸዋለሁ። ሁለቱ ከተሳሳቱ ጥፋቱ የወረቀቱ ነው።

ሕግ አዋቂ፦ «እርምጃ እንወስዳለን» ግን ይቅር አትበል። ያለ ማስፈራሪያ የሚመጣ የለም።

የማራኪው፦ አይቀርም፣ ይነገር። ግን ምን እርምጃ? ቅጣት ከሆነ ስንት ብር? ማህደሩ ለጊዜው የሚታገድ ከሆነም እንደዚያው ይጻፍ። ያልታወቀ እርምጃ አንዱን ያስደነግጣል፣ ሌላውን ያስቃል።

ከቀበሌ 18፦ ጥር 12 የቅዱስ ሚካኤል ታቦት ሲገባ ቢሮ ክፍት ቢሆንም ማን ይገኛል? ባለቤቱ ውጭ አገር ያለስ? ውክልና እዚያ ተዘጋጅቶ በኤምባሲ በኩል እስኪመጣ 10 ቀን ይበቃል?

ሕግ አዋቂ፦ ጥር 12 በሕግ የሥራ ቀን ነው።

የማራኪው፦ በሕግ አዎ። የውክልናው ጥያቄ ግን ከባድ ነው፤ ወረቀቱ ቢያምርም ቀኑ አይረዝምም። ለውጭ ነዋሪ የተለየ ቀን ይሰጥ እላለሁ። ይሰጥ አይሰጥ ግን የሚወስነው መመሪያውን ያወጣው ክፍል ነው።