የወል ቤት ግጥሜን ወደ ዘፈን ስቀይር «እኔ» ጠፋሁ፤ እርዱኝ

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። ስለ እናቴ የጻፍኩት አሥራ ሁለት ስንኝ ግጥም አለኝ። በወል ቤት ነው፣ ስድስት ስድስት ቀለም፣ ማለት አንዱ ስንኝ አሥራ ሁለት ቀለም። ጊታር የሚጫወት ጓደኛዬ በትዝታ ቅኝት ዜማ ሠራለት፤ ችግሩ የዜማው ሐረግ ስምንት ቀለም ብቻ ነው የሚይዘው። መጀመሪያው እንዲህ ነበር፦

እናቴ ደጃፍ ላይ፣ ቆማ ስትጠብቀኝ
ያ ቀጭኑ መንገድ፣ በሕልሜም ቢጠራኝ

ለንባብ ያምራል። ሲዘፈን ግን ረጅሙ ድምፅ «ቀኝ» ላይ ያርፍና አፍ ይዘጋል፣ ድምፁ አፍንጫ ውስጥ ይቀራል። ስልኬ ላይ ቀድቼ ስሰማው የታፈነ ነው የሚመስለው። ስለዚህ ቆረጥኩት፦

እናቴ ደጃፍ ላይ ቆማ
መንገዱን በዓይኗ ለቅማ

አሁን ስምንት ስምንት ሆነ፣ መጨረሻው «ማ» ስለሆነ እንደልብ ይሳባል፣ ቤቱም ይመታል። ግን የምትጠብቀው እኔን መሆኑ ጠፋ! ለእኔ ደግሞ የግጥሙ ሕመም እሱ ነው።

ያሰብኩት «ስትጠብቀኝ» የሚለውን ከስንኙ አውጥቼ አዝማች ላይ ሦስት ጊዜ መድገም ነው፣ «ስትጠብቀኝ፣ ስትጠብቀኝ፣ እናቴ ስትጠብቀኝ» እያልኩ፣ ሳልስበው፣ አጠር አጠር አድርጌ። ከአሥራ ሁለቱ ስንኞችም ስድስቱን ብቻ ላስቀር ነው፣ የሰፈሩን ገለጻ ሙሉ በሙሉ አውጥቼ።

ግጥም ለዜማ የሠራችሁ ካላችሁ፦ አዝማቹ «እኔ»ን ብቻውን ይሸከማል ወይስ አንዱ ስንኝ ውስጥም መመለስ አለብኝ? «ቆማ»ን ሳልነካ «ኝ»ን መሃል ላይ የማስገባበት መንገድ ካለ በናታችሁ አሳዩኝ።