ነገ 11 ሰዓት ይዘጋል! ለክሊኒካል ኢንስትራክተር የጻፍኩትን ማመልከቻ እዩልኝ

የማታ ተረኛ (ጠያቂ)
ሰላም ቤተሰብ። አንድ የነርሲንግ ኮሌጅ ክሊኒካል ኢንስትራክተር ይፈልጋል፣ ነገ 11 ሰዓት ላይ ይዘጋል። እኔ ዛሬ ናይት ነኝ፣ በስልክ ነው የምጽፈው። ደብዳቤዬን አንዷ ጓደኛዬ አንብባ «ይሄ እኮ ሲቪሽ ነው፣ በአንቀጽ ተጻፈ እንጂ» አለችኝ። እውነቷን ነው መሰለኝ። ዋናው ክፍል ይኸው፦

«እኔ አመልካች ታታሪ፣ ታማኝና ሙያዬን የማከብር ስሆን ላለፉት 9 ዓመታት በውስጥ ደዌ ተኝቶ ሕክምና ክፍል መድኃኒት ሰጥቻለሁ፣ ቫይታል ሳይን ለክቻለሁ፣ ካቴተርና ኤንጂ ቲዩብ አስገብቻለሁ፣ ቁስል ጠርጌያለሁ፣ የፈሳሽ መጠን መዝግቤያለሁ። ስለዚህ ለቦታው ብቁ ነኝ ብዬ አምናለሁ።»

ምኑን ልቀይር? እባካችሁ ቶሎ።

ቀጭን መርፌ
አንድ ገጽ አድርጊው። ከአንድ ገጽ አይለፍ።

ሪያድ ያለሁ
እህቴ፣ እኔም አምና ይሄ ነገር አሰቃይቶኛል። ለሳዑዲ የሚጠየቀውን የማስረጃ ማጣሪያ፣ ዳታፍሎውን፣ ጨርሰሻል? እሱ ሳያልቅ ደብዳቤው ዋጋ የለውም። የእኔ አራት ወር ፈጀ።

የማታ ተረኛ
ወንድሜ ኮሌጁ እዚሁ አዲስ አበባ ነው 😅

ሪያድ ያለሁ
አሃ። እንግዲያው ቀሎሻል።

ሀቀኛው
ይቅርታ አድርጊልኝና ማስተርስ ከሌለሽ አትድከሚ። አሁን ሁሉም ኮሌጅ ማስተርስ ነው የሚፈልገው። ደብዳቤውንም ማንም አያነበውም፣ ዲግሪ አይቶ ነው የሚለየው። ደግሞስ ከዋርድ ወጥተሽ የተማሪ ሎግቡክ ስትፈርሚ ልትውዪ ነው? ምን ይሻልሻል?

የማታ ተረኛ
ማስታወቂያው ቢኤስሲና 4 ዓመት ልምድ ነው የሚለው። ለምን እንደምወጣ ደግሞ ለብቻው ይጠየቅ፣ አሁን ሰዓት የለኝም።

ስኪል ላብ
እኔ ኢንስትራክተር ነኝ፣ ማመልከቻ የሚያዩት ውስጥም ሁለቴ ተቀምጫለሁ። ሀቀኛው በግማሽ ልክ ነው። መጀመሪያ የሚለየው በወረቀት ነው። ከዚያ ግን ቢኤስሲና ልምድ ያለው ሃያ ሰው ይቀራል፣ ያኔ ደብዳቤው ይነበባል።

ችግሩ ግሶችሽ ላይ ነው። ሰጠሁ፣ ለካሁ፣ አስገባሁ፣ ጠረግሁ። ሃያዎቹም ይሄንኑ ይጽፋሉ፣ ነርስ ስለሆኑ። «አስለካሁ»፣ «አሠራሁ»፣ «አሳየሁ»፣ «ደግመው እንዲሠሩ አደረግሁ» የሚል አንድም የለሽም። እኛ የምንፈልገው አልጋ ዳር ስድስት ተማሪ ይዞ የሚቆም፣ ታካሚውንም ተማሪውንም የማይጥል ሰው ነው።

አንድ ጥያቄ ልጠይቅሽ። ዋርዳችሁ ተማሪ ይገባል? ማነው የሚያሠራቸው?

የድሮ ሜትረን
ልጆቼ፣ በእኛ ጊዜ ኢንስትራክተር ከተማሪው ቀድማ ዋርድ ትገባ ነበር። አንሶላው ጥጉ ካልታጠፈ አስፈትታ ታሠራን ነበር። አሁን ኢንስትራክተሩ የሚታየው ፊርማ ሊሰበስብ ሲመጣ ነው። ተማሪው ኮሪደር ላይ ቆሞ ስልክ ይነካካል። ተማሪ ታካሚውን በስሙ እንጂ በአልጋ ቁጥር መጥራት የለበትም፣ ይሄንንም የሚያስተምረው ጠፋ። ደብዳቤውን በእጅሽ ብትጽፊው ጥሩ ነው።

የማታ ተረኛ
እሜቴ በእጅ ብጽፈው ጽሑፌን ሐኪም የጻፈው ይመስላቸዋል 😄

ስኪል ላብ፦ አዎ ይገባሉ፣ በየዓመቱ። አስተማሪያቸው ጠዋት መድቧቸው ይሄዳል፣ ከዚያ ቀኑን ሙሉ ከእኔ ጋር ናቸው። 5 ዓመት ሆነኝ። ግን ማንም በወረቀት አልሰጠኝም እኮ፣ ሄድ ነርሷ «አንቺ ያዢያቸው» ስላለችኝ ነው። ይሄ ይቆጠራል?

ስኪል ላብ
ዘጠኝ ዓመቱን ትተሽ እሱን ነበር መጻፍ! አሁን አንድ ቀን አስቢ። ተማሪ የተሳሳተበትና አንቺ ያቃናሽበት። እንዳለ ጻፊልኝ፣ ሳታሳምሪ።

ቀጭን መርፌ
አንድ ገጽ።

የማታ ተረኛ
ራውንድ ላይ ነበርኩ፣ ይቅርታ። እሺ። አንዴ 1000 ሚሊ ኖርማል ሳላይን በ8 ሰዓት ውስጥ እንዲገባ ታዟል። ተማሪው ከፍቶ ሄደ። ሳልፍ ጠብታው በሰከንድ ሁለት ያህል ይወርዳል። ሮለሩን ዝም ብዬ ቀነስኩት፣ ታካሚውን ደረታቸውን አዳመጥኩ፣ ትንፋሻቸውን ቆጠርኩ፣ ደህና ናቸው። ልጁን እዚያው አልተቆጣሁትም፣ ሽማግሌው ይደነግጣሉ። ኮሪደር ይዤው ወጣሁና «በደቂቃ ስንት አደረግኸው?» ስለው «125» አለኝ። 1000ን ለ8 አካፍሎ። ወረቀት ሰጥቼ አሠራሁት። የእኛ የፍሉይድ ማስገቢያ ሴት በሚሊ 20 ጠብታ ነው፦

1000 × 20 ÷ 480 = 41.7

42 ጠብታ። ከዚያ ተመልሰን የእጅ ሰዓቴን ይዞ አንድ ደቂቃ ሙሉ ቆጠረ። ከዚያ ወዲህ ስሌቱን ጽፎ ሳያሳየኝ ፍሉይድ የሚከፍት ተማሪ የለም።

ጠብታ ቆጣሪ
በ125 ቢቀጥል ከረጢቱ በ2 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ገደማ ያልቅ ነበር። ልቡ ለደከመ ሽማግሌ ይሄ ቀልድ አይደለም።

ግን ለልጁ አንድ ነገር ልከራከርለት። 125 ከየትም አልመጣም። በሚሊ 60 ጠብታ በሆነው የሕፃናት ሴት ቢሆን በሰዓት 125 ሚሊ ማለት በትክክል በደቂቃ 125 ጠብታ ነው። 60 ደቂቃውና 60 ጠብታው ይጣፋሉ። ከፔዲያትሪክስ የመጣ ልጅ ከሆነ እዚያ የለመደውን ነው ይዞ የመጣው።

የማታ ተረኛ
ኧረ!! ከፔዲያትሪክስ ሮቴሽን ነበር የመጡት። ያኔ ይሄን አልጠየቅሁትም። እንዲሁ ማካፈል የረሳ ነው የመሰለኝ። ደብዳቤው ላይ ልጨምረው?

ስኪል ላብ
አይ፣ ያኔ ያላወቅሽውን እንዳወቅሽ አድርገሽ አትጻፊ። ለቃለ መጠይቅ አስቀምጪው። «ዛሬ ቢሆን ምን ትጨምሪ ነበር?» ካሉሽ «መጀመሪያ ሴቱን አሳየኝ፣ ማሸጊያው ላይ ስንት ጠብታ ይላል? እለው ነበር» ትያለሽ። አብዛኛው ኮሌጅ አሥር ደቂቃ አስተምሪ ይልሻል። ይሄንኑ አስተምሪ። ሁለት ሴት፣ አንድ ጠርሙስ ውኃና ሰዓት ይበቃሻል።

ለአሁኑ ግን ዋናውን አንቀጽ እንዲህ ጀምሪው፦

«በምሠራበት የውስጥ ደዌ ክፍል ለተግባር ልምምድ የሚመደቡ የነርሲንግ ተማሪዎችን ላለፉት 5 ዓመታት ከመደበኛ ሥራዬ ጋር ሳሠራ ቆይቻለሁ። ለአብነት አንድ ተማሪ በ8 ሰዓት ውስጥ መግባት የነበረበትን 1000 ሚ.ሊ. ፈሳሽ በደቂቃ 125 ጠብታ ለቆት አገኘሁ። ፍጥነቱን አስተካክዬ የታካሚውን ሁኔታ ካረጋገጥኩ በኋላ ተማሪውን ከታካሚው ፊት አውጥቼ ስሌቱን ራሱ እንዲሠራ፣ ተመልሶም ጠብታውን በሰዓት እንዲቆጥር አደረግሁ። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ተማሪዎች ስሌታቸውን በጽሑፍ ሳያሳዩኝ ፈሳሽ አይከፍቱም።»

ዘጠኙን ዓመት በአንድ መስመር ከሱ በታች አድርጊው። የአልጋ ቁጥር፣ ቀን፣ የተማሪው ኮሌጅ አይጻፍ።

ፋይል ክፍል
እኔ የሰው ኃይል ላይ ነው የምሠራው፣ በዚህ አልስማማም። ስህተት በማመልከቻ ላይ አይጻፍም። ደብዳቤው ፋይል ውስጥ ይቀመጣል። ነገ አንዱ አንብቦ «እናንተ ሆስፒታል ተማሪ ብቻውን ፍሉይድ ይከፍታል ማለት ነው?» ቢል ተጠያቂዋ ማናት? እሷ ናት አብራው የነበረችው። «ተማሪዎችን በስሌት አሠለጥናለሁ» ብሎ ማለፍ ይበቃል።

ስኪል ላብ
«በስሌት አሠለጥናለሁ» ሁሉም ይጽፋል። ስህተት አይቶ የማያውቅ ኢንስትራክተር ደግሞ ዋርድ አልገባም ማለት ነው።

ፋይል ክፍል
አንተ ከአስተማሪ ወንበር ታየዋለህ፣ እኔ ከፋይል። ይሄን ለሷ እንተወው።

በአንዱ ግን ተጠንቀቂ። «ኢንስትራክተር ሆኜ ሠርቻለሁ» እንዳትይ። የሥራ ልምድሽ «ነርስ» ነው የሚለው፣ ሁለቱ ካልገጠሙ ደብዳቤሽ ሐሰተኛ ይመስላል። «ሳሠራ ቆይቻለሁ» ጥሩ ነው። ነገ ጠዋት ከተረኝነት ስትወጪ ሄድ ነርሷን አንድ ወረቀት ለምኚያት፦ ከመቼ ጀምሮ ተማሪ ይዘሽ እንደምታሠሪ፣ የእሷ ስምና ፊርማ ብቻ። ማህተም ከተገኘ እሰየው፣ ካልተገኘም ያለሱ አያይዢው። ደግሞ በግል ክሊኒክ የሠራሽው ዓመት ካለበት የገቢ ግብር የተከፈለበት ማስረጃ ሊጠይቁሽ ይችላሉ፣ አሁኑኑ ፈልጊው።

የማታ ተረኛ
የመጀመሪያው 1 ዓመት ከ2 ወር የግል ነው። ወይ ጉድ። ማስረጃው የት እንዳለ አላውቅም።

ፋይል ክፍል
እንግዲያው ከዘጠኙ ቀንሺውና «ከ7 ዓመት በላይ» በዪ። የሚጠይቁት 4 ነው፣ ምን አስጨነቀሽ።

ሀቀኛው
አሁንም ማስተርስ እላለሁ።

ቀጭን መርፌ
አንድ ገጽ!!

የማታ ተረኛ
አንድ ገጽ ከሦስት መስመር ሆነ። ሌላ የምቆርጠው አጣሁ።

ጠብታ ቆጣሪ
«ታታሪ፣ ታማኝና ሙያዬን የማከብር» የሚለውን።

የማታ ተረኛ
😂 ገባ። በቃ አልጋ 6 ይጠሩኛል።

የድሮ ሜትረን
በስማቸው ጥሪያቸው ልጄ።

ስኪል ላብ
«ጉዳዩ» ላይ የማስታወቂያውን ቁጥር አስገቢ። ስትልኪው በፒዲኤፍ ይሁን፣ በወርድ ከላክሽው ፊደሉ ሊበታተን ይችላል።

ቀጭን መርፌ
ፊርማ አትርሺ።

ጠብታ ቆጣሪ (ከ12 ቀን በኋላ)
የማታ ተረኛ፣ ምን ደረሰ? የስህተቱን ነገር አስገባሽው ወይስ ተውሽው?

ሪያድ ያለሁ
እኔም እየጠበቅሁ ነው። በዚያውም፣ ፋይል ክፍል፣ የውጭ አገር የሥራ ልምድ እዚያ እንዴት ነው የሚቆጠረው?