ሕጋዊ የሆነ የግንባታ ፈቃዴን ሊሽሩት ነው፤ ይችላሉ? (ጀርመን)

አናጢው
የምኖረው ጀርመን ነው። የተከራየሁትን መጋዘን ወደ እንጨት ሥራ ወርክሾፕ እንድቀይር የግንባታ ፈቃድ የሚሰጠው መሥሪያ ቤት፣ ባውአምት፣ በጽሑፍ ፈቃድ ሰጥቶኛል። በዚያ ተማምኜ ለአርክቴክት 4,000 ዩሮ፣ ለማሽን ቀብድ ደግሞ 9,000 ዩሮ ከፈልኩ። የግንባታ ሥራው ግን ገና አልተጀመረም። አሁን የአካባቢው ፕላን ተቀይሮ ሰፈሩ ለመኖሪያ ተከለለና «ፈቃዱን ለመሻር አስበናል፤ አስተያየትዎን ይላኩ» የሚል ደብዳቤ ደረሰኝ። ፈቃዱ ሲሰጥ ስህተት እንዳልነበረበት ራሳቸውም ጽፈዋል። መሻር ይችላሉ? ገንዘቤስ?

ደጀን
አይችሉም ወንድሜ፣ አትደንግጥ። በሕጋዊ መንገድ የተሰጠ ፈቃድ የተገኘ መብት ነው። መንግሥት ራሱ ፈርሞ የሰጠውን መልሶ መውሰድ የሚችለው ተሳስቶ ከሆነ ወይም አንተ ዋሽተህ ከሆነ ብቻ ነው። ከነካኩህ ክሰሳቸው፤ ወርክሾፑ ሊያስገባልህ ይችል የነበረውን ትርፍ ሁሉ ያስከፍላቸዋል።

ሰናይት
ደጀን መነሻህ ትክክል ነው፤ ሕጋዊ ፈቃድ ከስህተት ፈቃድ ይልቅ ጠንካራ ጥበቃ አለው። «አይችሉም» ማለት ግን ሰውየውን ያስጎዳዋል። የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 49 ንዑስ አንቀጽ 2 እንዲህ ዓይነቱን ፈቃድ ለመሻር የሚያበቁ አምስት ምክንያቶች አሉት። የየክፍለ ሀገሩም ሕግ በዚህ ረገድ ያው ነው ማለት ይቻላል። ከአምስቱ አንዱም ከሌለ ደጀን እንዳለው መሻር አይቻልም።

አናጢው፣ የአንተ ጉዳይ የሚወድቀው አራተኛው ላይ ነው፤ ፈቃዱ ከተሰጠ በኋላ ሕጉ ተቀይሯል። የአካባቢ ፕላን በማዘጋጃ ቤቱ ምክር ቤት እንደ ደንብ ስለሚወጣ የሕግ ለውጥ ሆኖ ይቆጠራል። ግን ለውጡ ብቻውን አይበቃም፤ ሁለት ነገሮች አብረው መገኘት አለባቸው። አንደኛው፣ በፈቃዱ ገና ያልተጠቀምክበት መሆን አለበት። ሁለተኛው፣ ፈቃዱ ካልተሻረ የሕዝብ ጥቅም አደጋ ላይ የሚወድቅ መሆን አለበት። ብዙ መሥሪያ ቤቶች የሚሰናከሉት እዚህ ሁለተኛው ላይ ነው። «አዲሱ ፕላን እንዲህ ስለሚል» ብለው ያልፋሉ። መሻሩ ለሕዝብ ቢጠቅም እንኳ ያ በቂ አይደለም፤ ፈቃዱ እንዳለ ቢቀጥል የትኛው የሕዝብ ጥቅም እንዴት እንደሚጎዳ በተጨባጭ ማሳየት አለባቸው። በአንድ ጎዳና ላይ አንድ ትንሽ ወርክሾፕ ቢቀር ፕላኑ ይፈርሳል? ሌሎች ወርክሾፖችስ እዚያው አሉ? አስተያየትህ ውስጥ ይህን ጠይቅ።

ሻምበል
እኛ ማኅበር ላይ ልክ ይኸው ደረሰብን። ለልጆች ሙዚቃ ትምህርት የተሰጠንን ድጎማ ከፊሉን ለአዳራሽ ኪራይ አዋልነው። ከሁለት ዓመት በኋላ ከነወለዱ መልሱ አሉን። ስለዚህ አናጢው፣ ቀብዱንም እንዳያስመልሱህ ተዘጋጅ።

ሰናይት
ጋሽ ሻምበል፣ የእናንተ ነገር ሌላ ነው። ገንዘብ ለተወሰነ ዓላማ ተሰጥቶ ለሌላ ሲውል በዚያው አንቀጽ ንዑስ አንቀጽ 3 መሠረት ወደ ኋላ ሄደው ሊሽሩት ይችላሉ፤ ወለዱም ከመነሻ ወለድ በላይ 5 የመቶኛ ነጥብ ይሆናል። አናጢው ግን ከመንግሥት ገንዘብ አልተቀበለም፣ ያጠፋውም ነገር የለም። የእሱ ፈቃድ ቢሻር እንኳ ወደ ፊት ብቻ ነው፤ የሚመልሰው ነገር የለም። እንዲያውም ከፋዩ መንግሥት ሊሆን ይችላል።

ምክንያቱም በአራተኛው ምክንያት ሲሽሩ፣ በፈቃዱ ተማምነህ የደረሰብህን ኪሳራ እንዲክሱህ ንዑስ አንቀጽ 6 ያስገድዳቸዋል። ይህ የሚሸፍነው በከንቱ የወጣውን ወጪ ነው። የአርክቴክቱ 4,000 ዩሮ ይገባል። ከማሽኑ ቀብድ ሻጩ 5,000 ቢመልስልህ ቀሪው 4,000 ይገባል፤ በድምሩ 8,000። ደጀን ያነሳው ያልተገኘ ትርፍ ግን አይካተትም። ሻጩን አሁኑኑ በጽሑፍ ጠይቀው፣ ምክንያቱም ማስቀረት የምትችለውን ኪሳራ ካላስቀረህ በኋላ ይህን ያነሱብሃል።

አናጢው
አመሰግናለሁ። አንድ ጓደኛዬ ግን «መሻሩ ሳይደርስህ ዛሬውኑ ግድግዳውን አፍርስ፣ ከዚያ ተጠቅሜበታለሁ ትላለህ» አለኝ። ፈቃዱ እስካሁን ይሠራል አይደል?

ደጀን
ጓደኛህ ልክ ነው! ውሳኔው በእጅህ እስኪገባ ፈቃዱ ሕያው ነው።

ሰናይት
ሕያው ነው፣ ያ እውነት ነው። እኔ ግን አልመክረውም። ደብዳቤው ከደረሰህ ቀን ጀምሮ መሻር እንደታሰበ ታውቃለህ። ካሳ የሚከፈለው ደግሞ እምነትህ ጥበቃ የሚገባው እስከሆነ ድረስ ብቻ ነው፤ ከደብዳቤው በኋላ የምታወጣውን «ተማምኜ ነው» ብሎ ማስረዳት ይከብዳል። በችኮላ የተነካ ግድግዳ በፈቃዱ «መጠቀም» ነው ወይስ አይደለም የሚለውም ያከራክራል። ሥራ ልትጀምር መሆኑን ለመሥሪያ ቤቱ ሳታሳውቅ ከጀመርክ ደግሞ ሌላ ጥፋት ጨመርክ።

ትርንጎ
ማሽን ማዘዝና ውል መፈረም ራሱ በፈቃዱ መጠቀም አይሆንም እንዴ? ያ ከሆነ ነገሩ እዚያው ያልቃል፤ መሻር አይችሉም ማለት ነው።

ሰናይት
ጥሩ ጥያቄ ነው፤ አስተያየቱ ውስጥም መነሳት አለበት። ለግንባታ ፈቃድ ብዙውን ጊዜ የሚታየው በቦታው ላይ ሥራ መጀመሩ ነው፤ ውልና ትዕዛዝ እንደ ዝግጅት ነው የሚወሰደው። ማሽኑ ለዚያ ክፍል ልክ ተለክቶ የታዘዘና ለሌላ ቦታ የማይሆን ከሆነ ግን ክርክሩ ይጠነክራል። ዳኛው ይቀበላል ብዬ አልምልም።

ሻምበል
ውሳኔው ከመጣስ? እኛ ቀን አሳልፈን ነው የተቃጠልነው።

ሰናይት
ውሳኔው ከደረሰው ቀን ጀምሮ አንድ ወር አለው። ለመሥሪያ ቤት የሚቀርበው ተቃውሞ፣ ቪደርሽፕሩኽ፣ ይሁን በቀጥታ ክስ እንደ ክፍለ ሀገሩ ይለያያል፤ በደብዳቤው መጨረሻ ያለው የመብት ማሳሰቢያ ይነግረዋል። ያ ማሳሰቢያ ከጎደለ አንድ ዓመት ይሆናል። በጊዜው ካቀረበ መሻሩ በመርህ ይታገዳል፤ «ወዲያውኑ ተፈጻሚ ይሁን» ብለው ካዘዙ ግን ለፍርድ ቤቱ የተለየ አስቸኳይ ማመልከቻ ያስፈልጋል።

ካሳው ራሱን የቻለ መንገድ አለው። በራሱ ማመልከቻ ይጠየቃል፤ መሥሪያ ቤቱ መብቱን ካሳወቀው ቀን ጀምሮ አንድ ዓመት አለው። መጠኑ ላይ ካልተስማሙ ደግሞ የሚሄደው ወደ መደበኛው የፍትሐ ብሔር ፍርድ ቤት እንጂ መሻሩን ወደሚያየው የአስተዳደር ፍርድ ቤት አይደለም። ሰዎች ሁለቱን በአንድ ክስ አጠቃልለው ጊዜ ያቃጥላሉ።

መሥሪያ ቤቱም ገደብ አለበት፤ ለመሻር የሚያበቁትን ነገሮች ካወቀ በኋላ አንድ ዓመት ብቻ ነው ያለው። ፕላኑ የጸደቀው መቼ ነው?

አናጢው
ከ14 ወር በፊት። ደብዳቤው የመጣው ባለፈው ሳምንት ነው።

ደጀን
በቃ አለፈባቸው!

ሰናይት
ቀጥታ አይቆጠርም። ፍርድ ቤቶች ዓመቱን የሚያስጀምሩት መሥሪያ ቤቱ ለውሳኔው የሚያስፈልገውን ሁሉ ካወቀ በኋላ ነው፤ ሥራው አለመጀመሩንም ጭምር። ስለዚህ እነሱ «ይህን ያወቅነው በቅርቡ ነው» ይላሉ። መዝገቡን የማየት መብት አለህ፤ አስተያየትህን ከመላክህ በፊት ጠይቀህ እየው። ማን መቼ ቦታውን እንደጎበኘ፣ ፕላኑ ሲረቀቅ ፈቃድህ ተነስቶ እንደሆነ እዚያ ይገኛል። የአስተያየቱ ቀን ከደረሰብህም እንዲራዘምልህ በጽሑፍ ጠይቅ።

አናጢው
ነገ ጠዋት መዝገቡን በጽሑፍ እጠይቃለሁ። ያገኘሁትን እዚሁ እጽፋለሁ።