ከራስ አሳይንመንት ወደ ቴሲስ፦ ስርቆት ነው?

ጠያቂዋ፦ ለምርምር ዘዴ ኮርስ ጽፌ ውጤት ያገኘሁበት ስድስት ገጽ የቀደሙ ጥናቶች ዳሰሳ ነበረኝ። እንዳለ ቴሲሴ ምዕራፍ ሁለት ውስጥ አስገባሁት። ረቂቁ በተርኒቲን ሲታይ 19 በመቶ መመሳሰል አሳየ፤ ከዚህ ውስጥ 8 በመቶው ከአንድ ምንጭ ነው። ምንጩ ደግሞ የራሴው አሳይንመንት! ይኼ እውነት ስርቆት ነው?

ሒሳበኛው፦ ሰው ከራሱ ኪስ ገንዘብ ቢያወጣ ሌባ ይባላል እንዴ? ጽሑፉ ያንቺ፣ ድካሙ ያንቺ። 8 በመቶ ደግሞ ምን አላት።

አማካሪው፦ «ስርቆት» የሚለው ቃል እንደማይመች እስማማለሁ። የተሰረቀ ሰው የለም። ግን ነገሩ የባለቤትነት አይደለም። ለነዚያ ስድስት ገጾች አንዴ ውጤት ተሰጥቷል። አሁን ፈታኙ ለቴሲሱ ተብሎ የተሠራ መስሎት ሁለተኛ ውጤት ሊሰጥ ነው። ጥፋቱ ያለው ፈታኙ ሳያውቅ በመሆኑ ላይ ነው።

ቁጥሩን ብዙ አትዩት። ሶፍትዌሩ የሚቆጥረው የተመሳሰለ ቃል እንጂ ጥፋት አይደለም። 19ኙ ውስጥ የዋቢ ዝርዝርና በጥቅስ ውስጥ ያለ ጽሑፍ ካለ ከቆጠራው ማስወጣት ይቻላል። ፈታኝን የሚያስቆመው 8ቱ ከአንድ ቦታ፣ ገጽ በገጽ ተከታትሎ መምጣቱ ነው።

ችኩሏ፦ ኧረ ቀላል ነው! ዓረፍተ ነገሮቹን ገለባብጪያቸው፣ ቁጥሩ ይወርዳል። እኔ እንደዛ ነው ያለፍኩት።

አማካሪው፦ ቁጥሩ ይወርዳል። ሥራው ግን ያው የድሮው ነው፤ ያልተነገረውም እንዳልተነገረ ይቀራል። ከተደረሰበት ደግሞ ይብሳል፤ ለመደበቅ የለፋ ሰው «አላወቅኩም» ሊል አይችልም።

ጠያቂዋ፦ እሺ፣ ራሴን ልጥቀስ? በየአንቀጹ መጨረሻ የኔ ስም፣ የኔ ስም፣ የኔ ስም... ያስቃል እኮ።

የላይብረሪዋ፦ ያስቃል፤ አያስፈልግምም። ስድስት ገጽ በትምህርተ ጥቅስ መክበብም አይጠበቅብሽም። በክፍሉ መጀመሪያ አንድ የግርጌ ማስታወሻ ይበቃል። ለምሳሌ፦

«ክፍል 2.3 (ከገጽ 21 እስከ 26) ለምርምር ዘዴ ኮርስ ካቀረብኩትና ውጤት ከተሰጠው ያልታተመ ጽሑፌ የተወሰደ ነው። ከገጽ 21 እስከ 24 ያለው ቃል በቃል ነው፤ የቀረው ተሻሽሏል።»

ቃል በቃል የገባውን «ተሻሽሎ» አትበዪ። ሰው እዚህች ላይ ነው የሚሳሳተው። ከዚያ አሳይንመንቱን ዋቢ ዝርዝር ውስጥ አስገቢው፦ ስምሽ፣ የቀረበበት ዓመት፣ ርዕሱ፣ ያልታተመ ጽሑፍ መሆኑ፣ ትምህርት ክፍሉና ዩኒቨርሲቲው።

አንድ ነገር ልጨምር። ዳሰሳው ውስጥ ያሉት ግኝቶች ያንቺ አይደሉም። «የተማሪዎች ማቋረጥ ከመጀመሪያው ሴሚስተር ውጤት ጋር ይያያዛል» የሚል ካለ፣ የሚጠቀሰው ያን ያገኘው አጥኚ እንጂ ያንቺ አሳይንመንት አይደለም።

ባለ ቡድኗ፦ እኔ ጋ የተፈጠረውን ልንገራችሁ። የገባው አሳይንመንት የቡድን ነበር፤ ሦስት ሆነን ነው የጻፍነው። «የኔ ክፍል» ያልኩት ውስጥ አንድ አንቀጽ ጓደኛዬ የጻፈችው ሆኖ ተገኘ። እሷም ቴሲሷ ውስጥ አስገብታው ነበር!

አማካሪው፦ ያ ሌላ ጉዳይ ነው። የጓደኛሽ አንቀጽ ያለ ስሟ ከገባ የሌላ ሰው ጽሑፍ መውሰድ ነው። የቡድን ሥራ ላይ የሦስታችሁም ስም ይጠቀሳል፤ ማን ምን እንደጻፈም ይነገራል። የማይታወስ ከሆነ ያን ክፍል እንደ አዲስ መጻፍ ይሻላል።

አሳታሚው፦ ቴሲሴን በኋላ ጆርናል ላይ ባወጣውስ? መጽሔቱ ኮፒራይቱን ይወስደው የለ?

የላይብረሪዋ፦ ወንድሜ፣ አንተ መውጫውን ነው የጠየቅከው፣ እኛ ገና መግቢያው ላይ ነን። እሱ ከመጽሔቱ ጋር የምትጨርሰው ነው።

ሒሳበኛው፦ ቆይ፣ ፕሮፖዛሉስ? እሱም ውጤት አለው። ግን ሁሉም ሰው ፕሮፖዛሉን ነው ቴሲስ የሚያደርገው። እሱንም በግርጌ ልናሳውቅ ነው?

አማካሪው፦ ጥሩ ያዝከኝ። ፕሮፖዛል ገና ሲጻፍ ቴሲስ እንዲሆን ነው፤ ፈታኙም ያውቃል። ስለዚህ እኔ አልጠይቅም።

የላይብረሪዋ፦ እኔ እጠይቃለሁ። በኮርስ ስም ውጤት ከተሰጠው፣ ለፈታኙ ያው ነው። አንድ መስመር ማንንም አይጎዳም።

አማካሪው፦ እንግዲህ እዚህ ላይ አንስማማም። ለጠያቂዋ ግን፦ የግርጌ ማስታወሻው ፈቃድን አይተካም። ከማስገባትሽ በፊት ለአማካሪሽና ለኮርሱ መምህር ኢሜይል ላኪ፤ የትኛው ክፍል፣ ስንት ገጽ፣ ከየት እንደሆነ ጻፊላቸው። በቃል «ችግር የለውም» ከተባልሽ በዲፌንስ ቀን ማንም ላያስታውሰው ይችላል።

ጠያቂዋ፦ ላኩ። አሁን ደግሞ የምፈርምበትን ቅጽ አየሁ፦ «ይህ ሥራ ከዚህ በፊት ለየትኛውም ውጤት አልቀረበም» ይላል። «ከተጠቀሰው ክፍል በስተቀር» ብዬ ልጨምርበት እችላለሁ? ወይስ ቅጹ አይነካም?

የላይብረሪዋ፦ እሱን የድህረ ምረቃ ቢሮውን ጠይቂ። እስኪመልሱልሽ ግን አትፈርሚ።