የድርጅት ግዢ ለምን ይረዝማል? ለድርሰቴ እርዳታ እፈልጋለሁ

ሰላም ለሁላችሁ። ድሬዳዋ የማርኬቲንግ ተማሪ ነኝ። የቤተሰብንና የድርጅትን ግዢ የሚያነጻጽር ድርሰት ስጽፍ ሁለት ነገሮች ላይ ቆሜያለሁ።

የመጀመሪያው በግዢው ውስጥ ማን ምን ሚና አለው የሚለው ነው። ምሳሌዬ የማሸጊያ ማሽን የሚገዛ የፓስታ ፋብሪካ ነው። ማሽኑ እየቆመ እንዳስቸገረ የሚያመለክተው የፈረቃ ኃላፊ ጠንሳሽ ነው፤ ኦፕሬተሮቹ ተጠቃሚዎች ናቸው። የጥገና መሐንዲሱ የቴክኒክ ዝርዝሩን ስለሚጽፍ ተጽዕኖ አሳዳሪ ይባላል። ግዢ ክፍሉ ፕሮፎርማ ሰብስቦ ይደራደራል፤ ሥራ አስኪያጁ ይወስናል። ሻጮችን ወደ ውስጥ የምታስገባው ወይም የምትመልሰው ጸሐፊ በር ጠባቂ ናት። እስከዚህ ግልጽ ነው።

ግን መሐንዲሱ ዝርዝሩን አንድ ሻጭ ብቻ እንዲያሟላው አድርጎ ከጻፈው፣ ለሥራ አስኪያጁ ከፊርማ በቀር ምን ቀረው? እንዲህ ሲሆን መሐንዲሱን ወሳኝ ልበለው?

ሁለተኛው ጊዜው ነው። «ሰው ስለሚበዛ ይዘገያል» ብዬ ብጽፍ መምህሬ አልተቀበሉትም። እውነታቸውን ነው፤ እዚህ ድሬዳዋ ከከዚራ ሰፈር ፍሪጅ የሚገዛ ቤተሰብም እናት ጠይቃ፣ ልጅ ሞዴል መርጦ፣ አባት ከፍሎ በአንድ ቀን ይጨርሳል። የእኔ ግምት በድርጅት ውስጥ እያንዳንዱ በየራሱ ሥራ ተጠያቂ ስለሆነ ነው የሚል ነው፦ መሐንዲሱ በብልሽት፣ ፋይናንስ በዋጋ። ፋይናንስ «ተወደደ» ሲል ዝርዝሩ ወደ መሐንዲሱ ይመለሳል፤ እስኪስተካከል የፕሮፎርማው የዋጋ ጊዜ ያልፋል፤ ዋጋ መሰብሰብ እንደገና ይጀመራል።

ግዢ ክፍል የሠራችሁ፣ ጊዜውን በእርግጥ የሚበላው ይህ መመላለስ ነው ወይስ ሌላ ነገር?