የማህበሩ ቫን፦ የብድሩን ሂሳብ ከጉባኤው በፊት እንጨርስ

ህሊና (ጸሐፊ)
ሰላም ለሁላችሁ። እሁድ ለጠቅላላ ጉባኤው የምናቀርበው የቫን ግዢ ሐሳብ የሂሳብ ክፍሉ ገና ባዶ ነው። እስካሁን በእጃችን ያለው ይሄ ነው። ዲለሩ ለቫኑ 34,000 ዶላር ብሏል። አሮጌውን ቫን በትሬድ ኢን 6,500 እይዝላችኋለሁ ይላል። ከካዝና 7,000 ቅድሚያ እንክፈል ብለን ነበር። ክሬዲት ዩኒየኑ በዓመት 7.2 በመቶ፣ ለ60 ወር እንደሚያበድረን በቃል ነግሮናል። ወርሃዊ ክፍያው ስንት ይመጣል? ጠቅላላ ወለዱስ? ያላችሁን ጻፉልኝ፣ ረቂቁ ውስጥ አስገባዋለሁ።

ሳምሶን
ቀላል ነው። ከ34,000 ላይ 6,500 እና 7,000 ሲቀነስ 20,500 ይቀራል። የዚያ 7.2 በመቶ በዓመት 1,476 ነው፣ በአምስት ዓመት 7,380። ደምረን ለ60 ስናካፍለው በወር 465 ገደማ። 40 አባላት ነን። እያንዳንዳችን በወር 12 ዶላር ብንጨምር 480 ይሆናል። አለቀ።

ጋሽ ታደሰ
ሳሚ፣ 465 ከትክክለኛው ብዙም አይርቅም፤ ግን በአጋጣሚ ነው። ብድሩን አሳንሰሃል፣ ወለዱን ደግሞ አብዝተሃል። ሁለቱ ተቻችለው ነው ቁጥሩ ደህና የመሰለው። ጉባኤው ላይ አንድ ሰው ቢጠይቅህ አታስረዳውም።

ዲለር ቤት ፋይናንስ ክፍል ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። ሁልጊዜ የሚቀድመው የምንበደረውን ማወቅ ነው። ቨርጂኒያ ውስጥ የመኪና ሽያጭ ታክስ 4.15 በመቶ ነው። በ34,000 ላይ 1,411 ይመጣል። የሰነድ ክፍያ፣ ታይትልና ታርጋ በሰጡን ወረቀት ላይ ተደምሮ 589 ነው። ስለዚህ ቫኑ ከግቢያቸው የሚወጣው በ36,000 ነው።

ከዚህ ላይ 6,500 አይቀነስም። አሮጌው ቫን ላይ ገና 1,500 ዕዳ አለብን። ዲለሩ እሱን ለባንካችን ከፍሎ ነው መኪናውን የሚረከበው። ለኛ የሚቆጠርልን 5,000 ነው። 7,000ውን ስንጨምርበት 12,000፤ የምንበደረው 24,000 ነው ማለት ነው።

ማርታ
ጋሼ፣ ታክሱ ላይ ልጠይቅ። ዳላስ ሳለሁ መኪና ስቀይር የአሮጌው ዋጋ ተቀንሶ በቀሪው ላይ ብቻ ነው ታክስ የከፈልኩት። እዚህ ለምን በሙሉው ላይ?

ጋሽ ታደሰ
ለቴክሳስ ልክ ነሽ። ቨርጂኒያ ግን ትሬድ ኢኑን አይቀንስም፣ በሙሉው ዋጋ ላይ ነው የሚያስከፍለው። የ6,500 ታክስ 270 ዶላር ገደማ ነው፣ ልዩነቱ ያ ነው። ኢንተርኔት ላይ ያሉት ማስያዎች ብዙዎቹ ትሬድ ኢኑን ቀንሰው ታክስ ያሰላሉ። የየትኛው ስቴት ሕግ እንደተሞላባቸው እዩ።

ደረጀ
እኛ ለትርፍ ያልቆምን ማህበር አይደለን እንዴ? ታክስ ምን አገባን?

ህሊና (ጸሐፊ)
ደረጄ፣ ዲኤምቪ ጠይቀህ መልሱን በጽሑፍ አምጣልን። እስከዚያ ታክሱን አስገብተን እንቁጠር።

ሳምሶን
እሺ፣ ብድሩ 24,000 ይሁን። ታዲያ ወለዱ 8,640 ሊሆን ነው? በወር 544! አሥራ ሁለት ዶላሩ አይበቃም ማለት ነው።

ጋሽ ታደሰ
አይደለም። አምስቱንም ዓመት በ24,000 ላይ ወለድ አትከፍልም። ወለዱ የሚታሰበው ባልተከፈለው ላይ ብቻ ነው። 7.2ን ለ12 አካፍለው፣ በወር 0.6 በመቶ ነው። የመጀመሪያው ወር ወለድ 144 ዶላር ነው። ክፍያው 477.50 ከሆነ የቀረው 333.50 ዕዳውን ይቀንሳል፣ ዕዳው 23,666.50 ይሆናል። በሁለተኛው ወር ወለዱ 142 ነው፣ ዕዳው ላይ የሚያርፈው 335.50። እንዲህ እያለ መጨረሻው ወር ላይ ወለዱ 3 ዶላር እንኳ አይሞላም።

477.50ን ከየት አመጣኸው ካልከኝ፣ ዕዳውን ልክ በ60ኛው ወር ዜሮ የሚያደርገው ክፍያ እሱ ነው። ኤክሴል ወይም ጉግል ሺት ላይ ይህን ጻፍ፦

```
=PMT(7.2%/12, 60, -24000)
```

60 ጊዜ 477.50፣ 28,650 ነው። 24,000ው ሲነሳለት ወለዱ 4,650 ይቀራል።

ደረጀ
እኔ ባለፈው ዓመት መኪናዬን ስቀይር 9,000 ዕዳ ነበረብኝ፣ የሰጡኝ ግን 6,000 ነው። “ችግር የለም፣ እኛ እንዘጋዋለን” አሉኝ። ወርሃዊው ለምን እንደከበደኝ እስካሁን አልገባኝም።

ጋሽ ታደሰ
ደረጄ፣ የጎደለውን 3,000 አዲሱ ብድር ላይ ጭነውብሃል። በኛ ወለድና በ60 ወር ቢሆን እሱ ብቻ በወር 60 ዶላር ገደማ ይጨምራል፣ 580 ያህል ወለድም ያመጣል። ለዚህ ነው የአሮጌው ቫን ዕዳ ከባንኩ በጽሑፍ መምጣት ያለበት። ወለዱ በየቀኑ ስለሚጨምር ፔይኦፉ እስከ ስንት ቀን እንደሚጸና ይጻፍበት። ስቴትመንቱ ላይ ያለው ቁጥር አይበቃም።

ማርታ
72 ወር ብናደርገውስ? ለጡረተኞቹ አባላት 12 ዶላርም ቀላል አይደለም።

ጋሽ ታደሰ
በዚያው 7.2 በመቶ 72 ወር ቢሰጡን ክፍያው 411.48 ይሆናል። በወር 66 ዶላር ይቀልላል። ጠቅላላ ወለዱ ግን 5,627 ገደማ ይደርሳል፣ ወደ 977 ዶላር ይበልጣል። ረዘም ላለ ብድር ብዙውን ጊዜ የወለዱ መቶኛም ከፍ ይላል። እኔ 60ውን እመርጣለሁ፤ ያንቺም ሐሳብ ግን እሁድ ይቅረብ።

ሳምሶን
እንዲያ ከሆነ ቅድሚያውን 9,000 እናድርገው። ከእድሩ ካዝና 2,000 እንጨምር።

እትዬ አልማዝ (ገንዘብ ያዥ)
ልጄ፣ የእድር ገንዘብ የለቅሶ ነው። ሰው ሞቶ አስከሬን አገር ቤት መላክ ቢያስፈልግ ከየት አመጣለሁ? ደግሞ 2,000ው ምን ያህል ነው የሚያተርፈን?

ጋሽ ታደሰ
ክፍያውን በወር 40 ዶላር ገደማ ይቀንሳል፣ በአምስቱ ዓመት 387.50 ወለድ ያድናል። እትዬ አልማዝ ለዚያ ካዝናውን አላስነካም ቢሉ እኔ ከእሳቸው ጋር ነኝ።

ሳምሶን
እኔ አሁንም 400 ዶላር ገደማ ቀላል ገንዘብ አይመስለኝም። ለድምፅ ይቅረብ።

ጋሽ ታደሰ
ይቅረብ። አንድ ነገር ግን ረቂቁ ውስጥ ትግባ። ግለሰብ ሲበደር አበዳሪው ዓመታዊ የብድር ወጪውን፣ የብድሩን መጠንና ጠቅላላ ወለዱን በፌዴራል ሕግ በጽሑፍ የመስጠት ግዴታ አለበት። ተበዳሪው ማህበር ሲሆን ያ ግዴታ የለም። ስለዚህ ያንን ወረቀት እኛው እንጠይቅ፣ ከራሳችን ሂሳብ ጋር እናስተያይ። ዲለሩ “በወር ስንት ይመቻችኋል?” ብሎ ከጀመረ አትመልሱለት። የመኪናው ዋጋ፣ ትሬድ ኢኑና ወለዱ ለየብቻ ይጻፉ። ለአሮጌው 500 ጨምሮ የአዲሱን ዋጋ በ500 ቢያሳድገው ምንም አላገኘንም። እንዲያውም ታክሱ 20.75 ይጨምርብናል።

ህሊና (ጸሐፊ)
ረቂቁ ላይ እንዲህ ጽፌዋለሁ፦ “ማህበሩ 24,000 ዶላር በ7.2 በመቶ ለ60 ወር ይበደር። ወርሃዊ ክፍያ 477.50፣ ጠቅላላ ወለድ 4,650። ይህ የሚጸናው የአሮጌው ቫን ዕዳ ከ1,500 ካልበለጠና ወለዱ በጽሑፍ ከተረጋገጠ ብቻ ነው።” የ72 ወሩና የ9,000ው ሐሳብ ለድምፅ ከሥሩ ይገባሉ።

እትዬ አልማዝ (ገንዘብ ያዥ)
480 ተሰብስቦ 477.50 ሲከፈል 2.50 ይተርፋል። ኢንሹራንሱን ማን ሊከፍል ነው? ሁለት አባል መዋጮ ቢያዘገይስ? ደግሞ ብድሩ ላይ በግሉ ዋስ ሆኖ የሚፈርመው ማን እንደሆነ አልተጻፈም። ለእነዚህ መልስ ሳይገባ ወረቀቱን አልፈርምም።

ህሊና (ጸሐፊ)
ገባኝ እትዬ። ማርታ የኢንሹራንስ ዋጋ ከሁለት ቦታ ትጠይቅ። ፔይኦፉን ሐሙስ ከባንኩ አመጣለሁ። ዋስ መሆን የሚችል ካለ እዚሁ ይጻፍ።