የቡና ዋጋ ማንቂያ፦ ሁለት በመቶ ወይስ ኤቲአር?

ላኪው፦ ትናንት አንዱ «በቋሚ መቶኛ ማንቂያ የሚጠቀም ሰው ገበያ አልገባውም» ብሎ ሄደ። እኔ የኒውዮርኩን የአረቢካ ዋጋ የምከታተለው በቀን ሁለት በመቶ ሲነቃነቅ በሚጮኽ ማንቂያ ነው። ሃያ ዓመት ቡና ልኬያለሁ። ምኑ ነው ያልገባኝ?

ሠንጠረዥ ወዳድ፦ ያልኩት እኔ ነኝ። አንድ ፓውንድ ቡና 400 ሳንቲም ሲሆን ሁለት በመቶው 8 ሳንቲም ነው። ገበያው በተለመደ ቀኑ 12 ሳንቲም የሚዋዥቅ ከሆነ ስልክዎ ያለ ምክንያት ሲጮኽ ይውላል። በተረጋጋ ወር፣ በቀን 3 ሳንቲም ብቻ ሲዋዥቅ፣ ድንገት 7 ቢዘል ደግሞ እርስዎ ተኝተዋል። ኤቲአር ግን ዋጋው ሰሞኑን በቀን በአማካይ ስንት እንደሚዋዥቅ የሚለካ ስለሆነ ልኩን ከገበያው ይወስዳል።

ላኪው፦ በሳምንት ሦስት ጊዜ ነው የሚጮኸው።

ሠንጠረዥ ወዳድ፦ ሦስቱንም ከፍተው ያያሉ?

ላኪው፦ እሱ ሌላ ጉዳይ ነው።

የሒሳብ ሠራተኛዋ፦ እኔም ሠርቼዋለሁ፤ ከባድ አይደለም። የየቀኑን ከፍተኛ ዋጋ ከዝቅተኛው ቀንሳችሁ የ14 ቀኑን አማካይ መውሰድ ነው።

የድሮ ደላላ፦ እህቴ፣ ግማሹን ይዘሻል። ትናንት 380 ላይ ተዘጋ፤ ዛሬ ከፍተኛው 392፣ ዝቅተኛው 386። ባንቺ ስሌት የዛሬው 6 ነው። ሌሊቱን የተዘለለውስ? ከትናንቱ መዝጊያ ሲለካ 12 ነው፤ የሚወሰደውም ትልቁ ነው። የኤቲአር ፈጣሪው ዋይልደር እ.ኤ.አ. በ1978 ያወጣው አማካይም ተራ አማካይ አይደለም፤ የትናንቱ 9 ከነበረ (9×13+12)÷14፣ ማለትም 9.2 ይሆናል። ማንቂያውንም በትናንቱ ቁጥር ሙሉት፤ በዛሬው ከሞላችሁት ዝላዩ የራሱን መለኪያ ከፍ ያደርጋል።

ከዲሲ፦ እኔ ለቤተሰብ ብር ስለምልክ የዶላሩን ምንዛሪ በዚህ መከታተል እችላለሁ?

የድሮ ደላላ፦ ባንኩ በቀን አንድ ዋጋ ከለጠፈ ከፍተኛና ዝቅተኛ ከየት ታመጣለህ? የቀን ለውጡ ብቻ ነው የሚቀርህ።

ላኪው፦ «ገበያ አልገባውም» ያለኝ ሰው የት ገባ?

ሠንጠረዥ ወዳድ፦ አለሁ። ቃሌም ያው ነው።

የድሮ ደላላ፦ አንተም ቀስ በል። ኤቲአር 9 ነው፤ ማንቂያህን በአንድ ተኩል እጥፉ፣ 13.5 ላይ ሞላኸው። ዋጋው በየቀኑ 5 ሳንቲም እየወረደ ዐሥር ቀን ቢሄድ 50 ሳንቲም ጠፍቷል፤ ያንተ አንድ ቀንም አልጮኸም። የጋሼም አይጮኽም፣ ከትናንቱ ነው የሚለኩት። ሁለት በመቶውን ውሉን ከፈረሙበት ከ380 ቢለኩት ኖሮ በሁለተኛው ቀን ይጮኽ ነበር።

ላኪው፦ አያችሁ! መቶኛ አሸነፈ።

የድሮ ደላላ፦ እንዲያ አላልኩም።

ሠንጠረዥ ወዳድ፦ ጋሼ፣ የእርስዎ ከትናንት ነው የሚለካው ተባሉ እኮ!

ላኪው፦ ዛሬ ማታ እቀይረዋለሁ። «አልገባውም» የሚለውን ግን አንሣ።

የሒሳብ ሠራተኛዋ፦ የእኔ ሠንጠረዥ ላይ ትናንት 31 ሳንቲም ዘሏል። ዜና ነበር እንዴ?

የድሮ ደላላ፦ በማርች ከሚረከቡት ቡና ውል በሜይ ወደሚረከቡት ቀይረሽ ይሆናል። እሱ ዝላይ አይደለም፤ ሁለት የተለያየ ዋጋ ነው።